ዲግሪው ለማን፣ ፈቃዱ ለማን፤ ከዴንት ክስ እስከ ዛሬው ቅጥር

ፍራንክ ዴንት በአሜሪካ በዌስት ቨርጂንያ ክፍለ ግዛት ከ1876 ጀምሮ በሐኪምነት ሲሠራ የቆየ ሰው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከአንድ የሲንሲናቲ የሕክምና ኮሌጅ ያገኘው ዲፕሎማም በእጁ ነበር። በ1880ዎቹ መጀመሪያ የወጣ ሕግ ግን ማንም ሰው ከክፍለ ግዛቱ የጤና ቦርድ ወረቀት ሳይቀበል እንዳያክም ከለከለ። ወረቀቱ የሚገኘው በሦስት መንገድ ነበር፤ ቦርዱ በስመ ጥርነቱ ከሚቀበለው ኮሌጅ በመመረቅ፣ ከመጋቢት 1881 በፊት በዚያው ክፍለ ግዛት 10 ዓመት ያለማቋረጥ ሠርቶ በመገኘት፣ ወይም በቦርዱ ተፈትኖ በማለፍ። ዴንት ዲፕሎማውን ቢያቀርብ ቦርዱ ኮሌጁን ስላልተቀበለው ወረቀቱን ነፈገው። ያለ ወረቀቱ ማከሙን ስላላቋረጠም ተከሶ 50 ዶላር ተቀጣ።

ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በጥር 1889 ዳኛ ስቲቨን ፊልድ የጻፉት፣ ዳኞቹም በአንድ ድምፅ የተስማሙበት ፍርድ ቅጣቱን አጸና። ማንም ሰው የመረጠውን ሥራ የመሥራት መብት እንዳለው ፍርዱ አልካደም። ነገር ግን ሕመምተኛ የሐኪሙን ዕውቀት ራሱ ሊመዝን ስለማይችል፣ መንግሥት በትምህርትና በጥረት ሊሟላ የሚችል መመዘኛ ቢያወጣ መብት አልተነካም ሲል ወሰነ።

ዲግሪና ፈቃድ የተለያዩት በዚህ ላይ ነው። ዲግሪ ትምህርት ቤቱ ስለ ተማሪው የሚሰጠው ቃል ነው፤ አንዴ ከተሰጠ ጊዜ አያልፍበትም። ፈቃድ ግን መንግሥት ለሕዝቡ ሲል የሚሰጠው፣ በየጊዜው የሚታደስ፣ ጥፋት ሲገኝም የሚታገድ መብት ነው። የሚያስገርመው፣ በዴንት ዘመን ሕጉ ያን ፈቃድ የሚጠራው «ሰርተፊኬት» እያለ መሆኑ ነው። ስለዚህ አንድን ወረቀት ስንመረምር በራስጌው ከተጻፈው ስም ይልቅ የሰጠውን አካልና ወረቀቱ ሲነጠቅ የሚቀረውን ነገር መጠየቅ ይበጃል።

ፈቃዱ ግን ሌላ ክፍተት ተወ። ፈቃድ ያለው ሐኪም ሁሉ፣ ሥራውን ተማረም አልተማረም፣ የዓይን ሐኪም ነኝ ቢል የሚከለክለው ሕግ አልነበረም። ስለዚህ የዓይን ሐኪሞች ማኅበራት በ1916 የራሳቸውን የፈተና ቦርድ አቋቋሙና በዚያው ዓመት መጨረሻ በሜምፊስ ከተማ የመጀመሪያውን ፈተና ሰጡ። የሙያ ብቃት ማረጋገጫ የምንለው ይህን ነው። የሚሰጠው የሙያው ማኅበረሰብ ነው፤ የሚፈተነውም በፈቃደኝነት ነው፤ ስለሌለው ብቻ የሚከሰስ ሐኪም የለም። በኋላም በ1969 የተቋቋመው የቤተሰብ ሕክምና ቦርድ ማረጋገጫውን የያዘ ሁሉ በየ7 ዓመቱ እንደገና እንዲመዘን ከመጀመሪያው ደነገገ።

አራተኛው፣ የሥልጠና ምስክር ወረቀት፣ ከሁሉ ትሑት ነው። አንድ ሰው በአንድ ቀን አንድ ኮርስ ተከታትሎ መጨረሱን ይመሰክራል፤ ከዚያ አልፎ አይናገርም።

እነዚህ ወረቀቶች በቅጥር ጊዜ እንዴት እንደሚሠሩ ለማየት ከአገራችን በሐኪምነት ተመርቃ ወደ አሜሪካ የተሻገረችን አንዲት ባልደረባ እናስብ። ዲግሪዋ የሐኪምነትን ትምህርት መፈጸሟን ያሳያል፤ ለማከም ግን አያስችላትም። በ1956 የተቋቋመው የውጭ አገር የሕክምና ተመራቂዎች ኮሚሽን ዲግሪዋን ከትምህርት ቤቷ አጣርቶ፣ የሚፈለጉባትን ፈተናዎችም ማለፏን አይቶ ማረጋገጫ ይሰጣታል። ብዙዎች ይህን እንደ ፈቃድ ይቆጥሩታል፤ ነገር ግን የሚከፍትላት የሆስፒታል ተለማማጅነትን በር ነው። ሙሉ ፈቃድ የምታገኘው ከዚያ በኋላ፣ ከምትሠራበት ክፍለ ግዛት ቦርድ ነው። የልዩ ሙያ ቦርድ ማረጋገጫ ደግሞ ከሁሉ በኋላ ይመጣል።

እንግዲህ ሕመምተኛ እንድታይ የሚቀጥራት ሁሉ ከማናቸውም ነገር አስቀድሞ ፈቃዷን ይጠይቃል፤ የቱንም ያህል የከበረ ዲግሪ ይህን አይተካም። በአንጻሩ የመሠረታዊ ሳይንስ መምህርነት ወይም የቤተ ሙከራ ምርምር ቢሆን ሕመምተኛ ስለሌለ የሚመዘነው ዲግሪዋ ነው። ፈቃድ ያላቸው ሁለት ሐኪሞች ለአንድ የዓይን ቀዶ ሕክምና ቦታ ሲወዳደሩ የልዩ ሙያው ማረጋገጫ ያመዝናል። የሥልጠና ምስክር ወረቀቱም ቦታ አለው፤ ለምሳሌ የልብ ምት ለቆመበት ሰው ነፍስ ለማዳን የሚሰጠው ሥልጠና ካርድ ለ2 ዓመት ብቻ ያገለግላል፤ ብዙ ሆስፒታሎችም ያለ እርሱ ወደ ሥራ አያሰማሩም።

በቅጥር ላይ የማየው ተደጋጋሚ ስሕተት አመልካቹ ያመጣውን ቅጂ ዐይቶ ማመን ነው። ፈቃዱ ታግዶበት ሳለ በቅጂው ላይ የተጻፈው ማብቂያ ቀን ገና ያላለፈ ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱ ስለ እገዳው ዝም ይላል። ስለዚህ ዲግሪው ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት፣ ማረጋገጫው ከሙያው ቦርድ፣ ፈቃዱም ከሰጠው መንግሥታዊ አካል በቀጥታ ይጠየቃል፤ የፈቃዱ ምርመራ ደግሞ በቅጥር ቀን ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ የእድሳት ጊዜ ይደገማል።