በሰነደ መዋዕለ ነዋይ ገበያ የተመዘገቡ አክሲዮኖች በፍትሐዊ ዋጋ የሚያዙበት የሂሳብ አሠራር

አንድ ድርጅት በገበያ የተመዘገበ የሌላ ኩባንያ አክሲዮን ሲገዛ በመዝገቡ የሚያቆየው በገዛበት ዋጋ ሳይሆን በየሂሳብ መዝጊያው ቀን ገበያው በሚሰጠው ዋጋ ነው። ይህ ዋጋ ፍትሐዊ ዋጋ (ፌር ቫልዩ) ይባላል። ጉዳዩ በኢትዮጵያ በተግባር የመጣው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ነዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምርና ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሲሆን ነው። ከዚያ በፊት የባንክና የኢንሹራንስ አክሲዮኖች የሚሸጡት በሻጭና በገዢ ስምምነት ስለነበረ፣ ሂሳብ ሠራተኛው ይፋ የሆነ የዕለት ዋጋ ከየት አመጣለሁ ቢል መልስ አልነበረውም። የሚሠራበት ደረጃ አይኤፍአርኤስ 9 ሲሆን፣ ወደ አገሪቱ የገባው በፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ነው።

አሠራሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። በአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠራ፣ ሂሳቡን ሰኔ 30 የሚዘጋ የአገር ውስጥ ልብስ ፋብሪካ እናስብ፤ ፋብሪካውም ቁጥሮቹም ለማሳያ ብቻ የተወሰዱ ናቸው። ፋብሪካው በጥር ወር የአንድ ባንክ 2,000 አክሲዮን እያንዳንዱን በ1,200 ብር ገዛ፤ ለደላላው 18,000 ብር ኮሚሽን ከፈለ። ኢንቨስትመንት በ2,400,000 ብር ዴቢት፣ ኮሚሽን በ18,000 ብር በወጪነት ዴቢት፣ ባንክ በ2,418,000 ብር ክሬዲት ይደረጋል። ለውጡ በትርፍና ኪሳራ መግለጫ በሚታይበት በዚህ አመዳደብ ኮሚሽኑ በአክሲዮኑ ዋጋ ላይ አይደመርም።

ሰኔ 30 የገበያው ዋጋ 1,350 ብር ሆነ። አክሲዮኖቹ 2,700,000 ብር ያወጣሉ ማለት ነው፤ ስለዚህ ኢንቨስትመንት በ300,000 ብር ዴቢት፣ ያልተጨበጠ ትርፍ በዚያው መጠን ክሬዲት ይደረጋል። ወደ ካዝና የገባ ገንዘብ ግን የለም። ይህን ትርፍ ለባለአክሲዮኖቹ እንደሚከፋፈል ገንዘብ የቆጠረ ቦርድ ደመወዝ መክፈያውን ሊያጣ ስለሚችል፣ በገንዘብ ፍሰት መግለጫው ላይ 300,000 ብሩ ከትርፉ ተቀንሶ መታየቱን ማየት ያስፈልጋል።

ብዙ ስህተት የሚሠራው በትርፍ ድርሻው ላይ ነው። ባንኮች ዓመታቸውን የሚዘጉት በሰኔ መጨረሻ አካባቢ ሲሆን፣ ጠቅላላ ጉባኤያቸው ትርፍ እንዲከፋፈል የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ነው። ባንኩ ያተረፈው ባለፈው ዓመት ነው ብሎ ድርሻውን በሰኔ 30 ሂሳብ ማስገባት አይቻልም፤ መብቱ የሚጸናው ጉባኤው ሲወስን ነውና። በምሳሌያችን ጉባኤው በኅዳር ለአንድ አክሲዮን 120 ብር ቢወስን፣ በዚያው ዕለት ተሰብሳቢ የትርፍ ድርሻ በ240,000 ብር ዴቢት፣ የትርፍ ድርሻ ገቢ በ240,000 ብር ክሬዲት ይሆናል። ሲከፈል ባንኩ ግብሩን ቀንሶ ያስቀራል። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መጀመሪያ የተቀመጠውን 10 በመቶ ብንወስድ 216,000 ብር ወደ ባንክ ሂሳብ፣ 24,000 ብር ወደ ግብር ወጪ ዴቢት ይሆናል፣ ተሰብሳቢውም ይዘጋል። ገቢውን የተጣራውን 216,000 ብር ብቻ አድርጎ መመዝገብ ግብሩን ከሪፖርቱ ያጠፋዋል።

ባለአክሲዮኖች ድርሻቸውን ሳይወስዱ አዲስ አክሲዮን እንዲገዛላቸው ማድረጋቸው በአገራችን የተለመደ ነው። ጥሬ ገንዘብ አልደረሰንም ተብሎ ምዝገባው አይዘለልም፤ ገቢው እንደ ተለመደው ይመዘገባል፣ ከዚያ አዲሱ አክሲዮን እንደ ሌላ ግዢ ይያዛል።

በቀጣዩ ሰኔ 30 ዋጋው ወደ 1,280 ብር ወረደ እንበል። ያልተጨበጠ ኪሳራ በ140,000 ብር ዴቢት፣ ኢንቨስትመንት ክሬዲት ይደረጋል፣ ቀሪው 2,560,000 ብር ይሆናል። ምዝገባው ልክ መሆኑ የሚታወቀው የሁለቱ ዓመት ለውጦች ተደምረው፣ 300,000 ሲቀነስ 140,000፣ ከቀሪውና ከግዢ ዋጋው ልዩነት ከ160,000 ብር ጋር ሲገጥሙ ነው። ካልገጠመ የመጀመሪያው ጥርጣሬ የትርፍ ድርሻው ከኢንቨስትመንቱ ላይ ተቀንሷል የሚለው ነው።

አክሲዮኑን ለንግድ ያልያዘ ድርጅት ለውጡን በሌላ ጠቅላላ ገቢ ውስጥ ለማሳየት በግዢው ጊዜ መምረጥ ይችላል፤ ምርጫው ግን አይሻርም፣ አክሲዮኑ ሲሸጥም ትርፉ ወደ ትርፍና ኪሳራ አይመለስም። የትርፍ ድርሻው ግን በዚህም አመዳደብ ገቢ ነው። ገንዘቡን ለረጅም ጊዜ ላስቀመጠ ፋብሪካ ይህ የሚሻል ይመስለኛል፤ የልብስ ሥራው ውጤት በአክሲዮን ዋጋ መዋዠቅ አይደበቅምና።

የዚህ አሠራር ዋና ችግር ምንጭ ገበያው ገና ወጣት መሆኑ ነው። የመጨረሻው ግብይት ከሰኔ 30 ሳምንታት በፊት የተፈጸመና ጥቂት አክሲዮኖች ብቻ የተሸጡበት ከሆነ፣ በሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር የንቁ ገበያ ዋጋ ነው ማለት ይከብዳል። አይኤፍአርኤስ 13 ያለማስተካከያ እንዲወሰድ የሚያዘው የንቁ ገበያን ዋጋ ነው። ገበያው ንቁ ካልሆነ ሂሳብ ሠራተኛው የባንኩን የሂሳብ ሪፖርትና የተመሳሳይ ባንኮችን ግብይት አይቶ ዋጋውን ይገምታል፤ የተጠቀመበትን መንገድና ግምቱ የወደቀበትን ደረጃም በማብራሪያው ላይ ያሰፍራል። ኦዲተሩ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ማስረጃም በመዝጊያው ቀን ዙሪያ ስንት ግብይት እንደተፈጸመና በምን መጠን እንደሆነ የሚያሳየው መረጃ ነው።