ከዕጣው በፊት የሚቀመጡ፦ የጥሎ ማለፍ ድልድል ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1877 ዊምብልደን ላይ የመጀመሪያው የቴኒስ ሻምፒዮና ሲካሄድ የተመዘገቡት 22 ተጫዋቾች ነበሩ። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ 11 ቀሩ። 11 ለሁለት ስለማይካፈል አንዱ ሳይጫወት አለፈ፤ ስድስት ሆኑ፤ ከስድስቱም ሦስት ቀሩና ያው ጣጣ ተመልሶ መጣ። ስፔንሰር ጎር ከቻርልስ ሂትኮት ጋር ለፍጻሜ ሲታገል ዊልያም ማርሻል አርፎ ተቀምጦ ፍጻሜ ገባ። ዋንጫውን ጎር ወሰደ። አዘጋጆቹ ግን ፍጻሜ ላይ የተሸነፈውን ማርሻልን እንዲሁ ሁለተኛ ነው ብለው አላለፉም፤ ከሂትኮት ጋር ለሁለተኛነት አጋጠሙት፣ እሱም አሸነፈ። ጥሎ ማለፍ አንደኛውን ለመለየት እንጂ ሁለተኛውን ለመለየት እንደማይበቃ ገና ከጅምሩ የታያቸው ይመስላል።

የአራፊው ነገር በ1880ዎቹ አጋማሽ መላ አገኘ። ዊምብልደን የተቀበለው የባግናል-ዋይልድ ዘዴ እረፍቱን ሁሉ ወደ መጀመሪያው ዙር ሰበሰበው። 22 ተጫዋች ካለ ከዚያ በላይ ያለው ተስማሚ ቁጥር 32 ነው፤ ልዩነቱ 10 ስለሆነ አሥሩ ያርፋሉ፣ 12ቱ ይጫወታሉ፣ ስድስት አሸናፊዎች ከአሥሩ ጋር ተደምረው 16 ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ ያለ ጨዋታ የሚያልፍ የለም። ይህ ግን የቁጥር ችግርን ብቻ ነው የፈታው። ማን ከማን ጋር መቼ ይገናኝ የሚለው አሁንም ለዕጣ የተተወ ነበር።

ዕጣው ምን ያህል እንደሚያዛባ በስሌት ያሳየው የኦክስፎርዱ የሒሳብ ሊቅ ቻርልስ ዶጅሰን ነው፤ አንባቢ የሚያውቀው ሉዊስ ካሮል በሚለው የብዕር ስሙና በአሊስ ተረቱ ነው። በ1883 ባሳተመው ጽሑፍ 32 ተጫዋቾችን ወስዶ ሁልጊዜ የተሻለው ያሸንፋል ብሎ አሰበ። አንደኛው ቦታውን ከያዘ በኋላ ለሁለተኛው 31 ቦታዎች ይቀራሉ። ከእነዚህ 15ቱ ከአንደኛው ጋር በአንድ ጎን ናቸው፤ 16ቱ በሌላው። ሁለተኛው ተጫዋች እውነተኛ ደረጃውን የሚያገኘው ከ16ቱ በአንዱ ከወደቀ ብቻ ነው፤ ማለትም ከግማሽ እምብዛም ያልበለጠ ዕድል አለው። ዶጅሰን ያቀረበው መፍትሔ ተሸናፊዎችን ሳያሰናብቱ ሦስት የሚበልጡት ሰዎች እስኪታወቁ ድረስ እያንዳንዱን ማጫወት ነበር። በስሌት ትክክል ነው፤ ግን ረጅም ነው፣ ለመከታተልም አስቸጋሪ ነውና ሰሚ አላገኘም።

ተሰሚነት ያገኘው ሌላ መንገድ ነው፦ ጠንካሮቹን አስቀድሞ በተለያየ ጎን ማስቀመጥ። አሠራሩ ቀላል ነው። አንደኛውንና ሁለተኛውን በሁለቱ ዳርቻዎች ጻፍ። ከእያንዳንዱ ጎን ድምሩ አምስት የሚሆን ተጋጣሚ ጨምር፤ 1 ከ4፣ 2 ከ3 ይሆናል። ከዚያ ለእያንዳንዳቸው ድምሩ ዘጠኝ የሚሆን አምጣ፤ 1 ከ8፣ 4 ከ5፣ 3 ከ6፣ 2 ከ7። በስምንት ቡድን ጨዋታ የተሻለው ሁልጊዜ ካሸነፈ አንደኛና አራተኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ በግማሽ ፍጻሜ ይገናኛሉ፤ አንደኛና ሁለተኛ የሚተያዩት በፍጻሜ ነው። ለ16 ቡድን ድምሩን 17 ማድረግ ብቻ ነው። ቡድኖቹ ስድስት ብቻ ከሆኑም 7 እና 8 የሉምና የሚያርፉት አንደኛና ሁለተኛ ናቸው።

ዊምብልደን ወደዚህ የመጣው በአንድ እርምጃ አይደለም። በ1924 የጀመረው ልየታ በአገር ነበር፤ አንድ አገር የሰየማቸው ተጫዋቾች በተለያየ ሩብ ይቀመጡ ነበር። ይህ የአንድ አገር ልጆች እርስ በርስ እንዳይጣጣሉ ይጠብቃል እንጂ ስለ ጥንካሬ የሚለው ነገር የለም። ጉድለቱ በ1926 ታየ። ፈረንሳዊቷ ሱዛን ሌንግሌንና አሜሪካዊቷ ሜሪ ብራውን ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ በፈረንሳይ ሻምፒዮና ፍጻሜ ተጫውተው ነበር፤ ዊምብልደን ላይ ዕጣው በመጀመሪያው ዙር አገናኛቸው። አገራቸው የተለያየ ስለሆነ ደንቡ አልከለከለም። በሚቀጥለው ዓመት ድልድሉ በጥንካሬ ሆነ።

ተቃውሞው ያኔም ዛሬም አንድ ነው፦ ላለው ይጨመርለታል፣ ደካማው በመጀመሪያ ቀን ለትልቁ ይጣልለታል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። አንደኛው ቡድን በዕጣም ቢሆን ከአንዱ ጋር መጫወቱ አይቀርም፤ በአብዛኛው ያ ተጋጣሚ ከእሱ ያነሰ ነው። እኔን የሚከብዱኝ ዳር ያሉት ሳይሆኑ መሐል ያሉት ናቸው። የ16 ቡድኖችን ሙሉ ድልድል ተመልከቱ። ስምንተኛውና ዘጠነኛው እርስ በርስ ይጋጠማሉ፤ ያሸነፈው ቀጥሎ የሚጠብቀው አንደኛው ነው። አሥራ አንደኛው ግን ስድስተኛውን ካሸነፈ የሚያገኘው ሦስተኛውን ነው። ስለዚህ ስምንተኛ ከመሆን አሥራ አንደኛ መሆን የሚሻልበት ጊዜ አለ። ደረጃው የሚወሰነው በሊግ ጨዋታ ከሆነ ደግሞ በመጨረሻው ሳምንት መሸነፍ የሚጠቅመው ቡድን ይፈጠራል። ደንቡ ራሱ መሸነፍን የሚሸልም ከሆነ የተበላሸው ደንቡ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ደረጃ አውጪዎች ይሳሳታሉ የሚል ነው፤ ይሳሳታሉም። በ1985 የ17 ዓመቱ ቦሪስ ቤከር፣ በ2001 ደግሞ በልዩ ግብዣ የገባው ጎራን ኢቫኒሼቪች ያለ ደረጃ ዊምብልደንን አሸንፈዋል። ይህ ግን ድልድል ማንንም እንደማይከለክል ያሳያል እንጂ ልየታውን አያፈርስም። ከዚህ ይልቅ የ1927ቱ ውጤት የሚነግረን ነገር ይበልጣል። በወንዶች ሬኔ ላኮስት አንደኛ፣ ቢል ቲልደን ሁለተኛ፣ ዣን ቦሮትራ ሦስተኛ፣ ኦንሪ ኮሼ አራተኛ ተብለው ተቀመጡ። አራቱም ግማሽ ፍጻሜ ደረሱ። እዚያ ግን ቦሮትራ ላኮስትን አሸነፈ፤ ኮሼም ሁለት ለባዶ ተመርቶ ቲልደንን ገለበጠው፣ ፍጻሜውንም ወሰደ። ዋንጫው ለአራተኛው ደረሰ ማለት ነው። አራቱ እነማን እንደሆኑ የገመቱት ሰዎች አልተሳሳቱም፤ በአራቱ መካከል ያለውን ቅደም ተከተል ግን ስተዋል።

ለኔ የልየታው ልክ ያለው እዚህ ላይ ነው። የጠንካሮቹን ቡድን ማወቅ ይቻላል፤ እስከ አሥራ ስድስተኛው ድረስ ቁጥር መስጠት ግን የማናውቀውን እንደምናውቅ ማስመሰል ነው። የቴኒስ ሰዎች ይህን የፈቱት ደረጃውንና ዕጣውን በማደባለቅ ነው፦ አንደኛና ሁለተኛ በሁለቱ ዳርቻ ይቀመጣሉ፤ ሦስተኛውና አራተኛው በየትኛው ጎን እንደሚገቡ ዕጣ ይወስናል፤ ከአምስት እስከ ስምንት ያሉትም በአራቱ ሩቦች በዕጣ ይበተናሉ፤ ደረጃ ያልተሰጣቸው ሁሉ ዕጣቸውን ያወጣሉ። በዚህ ዓይነት ስምንተኛ መሆን ከአምስተኛ የሚለይበት ነገር ስለሌለ ደረጃን ዝቅ ለማድረግ የሚያጓጓው ምክንያት ይቀንሳል፤ በስምንተኛውና በዘጠነኛው ድንበር ላይ ያለው ጥቅምና ጉዳት ግን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

የሁለተኛነት ጥያቄም ቢሆን በልየታ ይለዝባል እንጂ አይፈታም። በ1957 ካርቱም በተካሄደው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ አፓርታይድ ያመጣው ውዝግብ ደቡብ አፍሪካን ሲያስወጣት ተጋጣሚዋ ኢትዮጵያ በፎርፌ ፍጻሜ ደረሰች፤ በሌላው ጎን ግብፅ አስተናጋጇን ሱዳንን 2 ለ 1 አሸንፋ መጣች። ፍጻሜው 4 ለ 0 ለግብፅ ሆነና ኢትዮጵያ አንድም ጨዋታ ሳታሸንፍ ሁለተኛ ተባለች። ሦስት አገር ብቻ ሲቀር የትኛውም ድልድል ይህን አያስቀረውም፤ የሚያስቀረው በ1877 ማርሻልና ሂትኮት የተጫወቱት ዓይነት ተጨማሪ ጨዋታ ነበር፤ በካርቱም ቢሆን ተጋጣሚዎቹ ኢትዮጵያና ሱዳን ይሆኑ ነበር።