ኢንዴክስ ፈንድና ኢቲኤፍ ምንድን ናቸው? ጀማሪ ሙስሊም ከመግዛቱ በፊት ምን ይጠይቅ?

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዘመድ ከውጭ የሚደጉማቸው ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከዚያ ማዶ «ገንዘቡን በኢቲኤፍ ላስቀምጥላችሁ» የሚል ሐሳብ መምጣት ጀምሯል። ነገሩ ምንድን ነው? ሀላልስ ነው? በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም ጥያቄዎች እናያለን።

ከምናውቀው እንጀምር። በ2017 ዓ.ም ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮኑን በ300 ብር ለሕዝብ ሲሸጥ የገዛ ሰው የአንድ ኩባንያ ባለድርሻ ሆኗል። ኩባንያው ካተረፈ ያተርፋል፤ ከከሰረ አብሮ ይከስራል። ሱሉልታ ላይ ኑሮውን በአንዲት ላም ወተት ላይ የመሠረተን ሰው ይመስላል፤ ላሟ ስትነጥፍ ቤቱም ይቸገራል።

ኢንዴክስ ማለት በተወሰነ መስፈርት የተመረጡ ኩባንያዎች ዝርዝር ነው። ለምሳሌ ኤስ ኤንድ ፒ 500 የሚባለው 500 ያህል ታላላቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን ይይዛል። ኢንዴክስ ፈንድ ደግሞ የብዙ ሰዎችን ገንዘብ ሰብስቦ በዝርዝሩ ላይ ያሉትን ኩባንያዎች እንደየትልቅነታቸው የሚገዛ የጋራ ቋት ነው። ኢቲኤፍ አብዛኛውን ጊዜ ያው ቋት ነው፤ ልዩነቱ አገዛዙ ላይ ነው። ተራው ኢንዴክስ ፈንድ በቀን አንድ ጊዜ ገበያው ሲዘጋ በሚሰላ ዋጋ ይሸጣል። ኢቲኤፍ ግን እንደ አክሲዮን ገበያው ክፍት በሆነበት ሰዓት ሁሉ ይገዛል፤ ይሸጣልም።

ጀማሪዎች በእነዚህ የሚጀምሩት በሁለት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው፣ የትኛው ኩባንያ እንደሚያተርፍ መገመት አያስፈልግም። ሁለተኛው ክፍያው አነስተኛ መሆኑ ነው። ባለሙያ አክሲዮን እየመረጠ የሚያስተዳድረው ፈንድ በዓመት 1 በመቶ ቢያስከፍል ከ1,000 ዶላር ላይ 10 ዶላር ይወስዳል። ኤስ ኤንድ ፒ 500ን ብቻ ከሚከተሉት ርካሾቹ ግን 0.03 በመቶ፣ ማለትም 30 ሳንቲም ብቻ የሚወስዱ አሉ።

ለእኛ ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ያ ርካሽ ፈንድ ዝርዝሩን ሳይመርጥ ስለሚገዛ በወለድ የሚሠሩ ባንኮችና አልኮል የሚሸጡ ኩባንያዎችም አብረው ይገባሉ። ስለዚህ ሙስሊም ገዢ በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት «ፈንዱ የሚከተለው የትኛውን ዝርዝር ነው?» ብሎ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተጀመሩት HLAL እና SPUS የተባሉት ኢቲኤፎች በሸሪዓ መስፈርት የተጣራ ዝርዝር ይከተላሉ። ማጣሪያው በመጀመሪያ ሥራቸው ሀራም የሆኑትን ያስወጣል። ቀጥሎ የወለድ ዕዳቸው ከሲሶ ገደማ የሚያልፉትን ይቀንሳል። ያልተፈቀደ ገቢያቸውም ከ5 በመቶ በታች መሆን አለበት።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አሜሪካ የሚኖር ወንድም በ1,000 ዶላር SPUS ገዛ እንበል። ዓመታዊ ክፍያው 0.45 በመቶ ስለሆነ 4.50 ዶላር ገደማ ይቆረጣል፤ ከተራው የበለጠው የማጣራቱ ዋጋ ነው። በዓመቱ 10 ዶላር የትርፍ ድርሻ ቢደርሰውና ፈንዱ «ከዚህ 3 በመቶው ያልጠራ ነው» ብሎ ቢያሳውቅ፣ 30 ሳንቲሙን ለራሱ ሳያስቀር ለድሆች ይሰጣል። ይህን ስሌት ፈንዶቹ ራሳቸው ያወጣሉ። መስፈርቶቹ ግን የዑለማዎች ኢጅቲሃድ ስለሆኑ፣ ያልተቀበላቸው ዓሊምም ስላለ፣ የሚያምኑትን ዓሊም መጠየቅ ተገቢ ነው።

ኪሳራም አለ። በ2008 እ.ኤ.አ. ኤስ ኤንድ ፒ 500 ከዋጋው ከሲሶ በላይ አጥቷል። የልጅ ሠርግ ወይም የቤት ኪራይ ገንዘብ እዚህ አይቀመጥም፤ ለዓመታት የማይነካ ገንዘብ ነው የሚገባበት።

እዚህ አገርስ? የኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም ሲከፈት የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ወጋገን ባንክ ነበር። ገበያው ገና ጥቂት ኩባንያዎችን ነው የያዘው። ወደፊት የአገር ውስጥ ኢንዴክስ ፈንድ ቢመጣ ባንኮች ሊያመዝኑበት ስለሚችሉ ያው ጥያቄ ይከተለናል፤ ዝርዝሩ የማን ነው? ማን አጣራው?

በዚህ መሃል በየሰፈሩና በቴሌግራም «በብር ኢቲኤፍ እንገዛላችኋለን፣ በየወሩ ይህን ያህል ትርፍ አለው» የሚል ቢመጣ እንጠንቀቅ። እውነተኛ ኢንዴክስ ፈንድ የተወሰነ ወርሃዊ ትርፍ ቃል አይገባም፤ ሰው ላመጣ ኮሚሽን አይከፍልም፤ የያዛቸውን ኩባንያዎች ዝርዝርም በግልጽ ያወጣል። ገንዘብ ሰብሳቢው ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ካላሳየ፣ የሀላል ስም መለጠፉ ብቻውን ገንዘባችንን አይጠብቅልንም።