የተበላሸ የቧንቧ መገጣጠሚያን ዓይነትና ጥርስ ከፎቶግራፍ ለይቶ ተተኪውን ስለማግኘት

በመኖሪያ ቤት የውኃ መስመር ላይ አንድ መገጣጠሚያ ሲሰበር ወይም ማፍሰስ ሲጀምር፣ ብዙ ተገልጋዮች በተንቀሳቃሽ ስልክ ፎቶግራፍ አንሥተው ወደ ሕንፃ መሣሪያ መደብር ይሄዳሉ፤ ወይም ፎቶግራፉን ለቧንቧ ሠራተኛ ይልካሉ። አሠራሩ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በአብዛኛው የሚነሡት ፎቶግራፎች የዕቃውን መልክ እንጂ መጠኑን አያሳዩም። ሻጩ በግምት የሚሰጠው ዕቃም ከቤት ሲደርስ አልገጥም ይላል፤ ወይም የገጠመ መስሎ ከጥቂት ቀናት በኋላ ያፈስሳል። ይህ መረጃ ተገልጋዩ ከፎቶግራፍ ላይ የመገጣጠሚያውን ዓይነት፣ መጠንና ጥርስ ለይቶ ትክክለኛውን ተተኪ እንዲጠይቅ ለማገዝ የተዘጋጀ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ዕቃው ከመፈታቱ በፊት ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለው መዝጊያ መዘጋት አለበት። ዕቃው ከውኃ ማሞቂያ ጋር የተያያዘ ከሆነ የኤሌክትሪክ ኃይሉም መቋረጥ ይኖርበታል። ቆጣሪውና ከቆጣሪው በፊት ያለው መስመር የውኃ አገልግሎት ሰጪው ተቋም ኃላፊነት በመሆኑ፣ በዚያ በኩል ያለ ብልሽት ለተቋሙ ይገለጻል እንጂ በባለንብረቱ አይፈታም።

የመጠሪያ መጠን እና የልኬት ልዩነት

ብዙ ስሕተት የሚፈጠረው «ግማሽ ኢንች» የሚባለው መገጣጠሚያ ሲለካ ግማሽ ኢንች ባለመሆኑ ነው። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። የግማሽ ኢንች መገጣጠሚያ የውጭ ጥርስ ግን ከዳር እስከ ዳር ወደ 21 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ምክንያቱ ታሪካዊ ነው፤ የብረት ቧንቧ ስሙን ያገኘው ውኃ ከሚያልፍበት የውስጥ ቀዳዳ ሲሆን፣ ጥርሱ የሚወጣው ግን ከቧንቧው ግድግዳ ውጭ ነው። በዚሁ መሠረት የሦስት ሩብ ኢንች የውጭ ጥርስ 26.4፣ የአንድ ኢንች ደግሞ 33.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

ጥርሱ ከውጭ የሆነው በሙያው ወንዴ፣ ከውስጥ የሆነው ሴቴ ይባላል። የሴቴው ልኬት የሚወሰደው በውስጥ በኩል ከጥርስ ጫፍ እስከ ጥርስ ጫፍ ስለሆነ ከወንዴው ያነሰ ይሆናል። የግማሽ ኢንች ሴቴ በ18.6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይለካል። ስለዚህ 21 ሚሊ ሜትር የሆነ ወንዴና 18.6 ሚሊ ሜትር የሆነ ሴቴ አንድ መጠን ናቸው። ይህን ያላወቀ ሰው ሁለቱን በማነጻጸር የማይገጥሙ ናቸው ብሎ ሊደመድም ይችላል።

በሙቀት የሚበየደው የፒፒአር ፕላስቲክ ቧንቧ ሌላ አጠራር አለው። የእርሱ መጠን የሚነገረው በውጭ ዲያሜትሩ በሚሊ ሜትር ነው። በጥቅሉ 20 ሚሊ ሜትር ፒፒአር ከግማሽ ኢንች፣ 25 ሚሊ ሜትር ከሦስት ሩብ ኢንች ጋር ይሄዳል። ነገር ግን 25 ሚሊ ሜትር ሆኖ በግማሽ ኢንች ጥርስ የሚያልቅ መገጣጠሚያም ስላለ፣ የፕላስቲኩ መጠን ታውቆ የጥርሱ መጠን በግምት መወሰድ የለበትም።

መጠን የሚያሳይ ፎቶግራፍ

ፎቶግራፉ ጥቅም የሚሰጠው ከዕቃው አጠገብ መጠኑ የታወቀ ነገር ሲኖር ነው። ከሁሉ የሚመረጠው ማስመሪያ ነው። ማስመሪያ ከሌለ የባንክ ካርድ ሊተካው ይችላል፤ ረጅሙ ጎኑ 85.6 ሚሊ ሜትር፣ አጭሩ 54 ሚሊ ሜትር ነው። ፎቶግራፉ ወደ ሌላ ሰው የሚላክ ከሆነ ግን ቁጥሩና ስሙ እንዳይታይ መሸፈን ይገባል።

ማስመሪያው የት እንደሚቀመጥ ከሚታሰበው በላይ ወሳኝ ነው። ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ማስመሪያውን ከሥሩ ማስቀመጥ የተለመደ ቢሆንም ልኬቱን ያዛባል። የግማሽ ኢንች ጥርስ ሰፊው ክፍል ከጠረጴዛው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ለካሜራው ይቀርባል፤ የቀረበ ነገር ደግሞ ገዝፎ ይታያል። ከ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሲነሣ 21 ሚሊ ሜትር የሆነው ጥርስ 22 ሚሊ ሜትር መስሎ ይነበባል። መፍትሔው ቀላል ነው። ማስመሪያው ከሥሩ መጽሐፍ ወይም ሌላ ነገር ተደርጎ እስከ ዕቃው ወገብ ከፍ ይላል፤ ፎቶግራፉም ከግማሽ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ርቀት፣ በቀጥታ ፊት ለፊት፣ ምስሉን በማቅረብ ይነሣል። ስልኩ ካዘነበለ ክቡ ሞላላ ስለሚሆን ልኬቱ አይታመንም።

ሁለት ፎቶግራፎች በቂ ናቸው። አንደኛው ጥርሱን ከጎን የሚያሳይ፣ ሁለተኛው አፉን ፊት ለፊት የሚያሳይ ነው። ጥርሱ አሮጌ ቴፍሎን ወይም ዝገት ካለበት አስቀድሞ በደረቅ ብሩሽ ይጸዳል፤ ያልጸዳ ጥርስ በምስል ላይ ሊቆጠር አይችልም።

ጥርሱን ስለመቁጠር

መጠኑ ከታወቀ በኋላ የጥርሱ ጥግግት ይረጋገጣል። በጎን ፎቶግራፉ ላይ ከአንደኛው የጥርስ ጫፍ ተነሥቶ እስከ ስድስተኛው ጫፍ ሲለካ አምስት ክፍተት ይገኛል። በኢትዮጵያ ገበያ በብዛት የሚገኘው መገጣጠሚያ የብሪታንያ የቧንቧ ጥርስ የሚባለውን ሥርዓት የሚከተል ነው። በዚህ ሥርዓት የግማሽና የሦስት ሩብ ኢንች ጥርስ በአንድ ኢንች ርዝመት 14 ጊዜ ስለሚደጋገም አምስቱ ክፍተት 9 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የአንድ ኢንች ጥርስ በአንድ ኢንች ርዝመት 11 በመሆኑ አምስቱ ክፍተት 11.5 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የሦስት ስምንተኛ ኢንች ጥርስ ረቂቅ ነው፤ አምስቱ ክፍተት 6.7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

ቀጥሎ የሚታየው ጥርሱ ቀጥ ያለ ወይም ወደ ጫፉ የሚቀጥን መሆኑ ነው። በጎን ፎቶግራፉ ላይ የማስመሪያ ጠርዝ በጥርሱ ጫፎች ላይ ሲያርፍ ሁሉንም እኩል ከነካ ጥርሱ ቀጥ ያለ ነው። ከሥሩ ነክቶ ከፊቱ ክፍተት ካሳየ የሚቀጥን ነው፤ በ16 ሚሊ ሜትር ርዝመት ውስጥ ዲያሜትሩ አንድ ሚሊ ሜትር ይቀንሳል። ልዩነቱ የውኃ አዘጋጉን ይወስናል። የሚቀጥነው ጥርስ ራሱ እየጠበቀ ሄዶ ከቴፍሎን ጋር ውኃውን ይዘጋል። ቀጥ ያለው ግን የሚዘጋው በነት ውስጥ ባለው ጎሚኒ ነው። በመሆኑም ጎሚኒው ያረጀ ቀጥ ያለ ጥርስ ላይ ቴፍሎን መጠቅለል ማፍሰሱን አያቆምም። እንዲህ ባለ ጊዜ ሙሉ መገጣጠሚያ መግዛት ሳያስፈልግ ጎሚኒውን ብቻ መቀየር ይበቃ ይሆናል።

አንድ ማሳያ

በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ የሚኖሩ እናት፣ ከአንግል ቫልቭ ወደ እጅ መታጠቢያው ሚክሰር የሚሄደው ፍሌክሲብል ቱቦ ከነቱ ሥር ይተረተርባቸዋል እንበል። ቫልቩን ዘግተው፣ ቱቦውን ፈትተው፣ የቫልቩን ጥርስ ከላይ በቅርበት ፎቶግራፍ አንሥተው ወደ መደብር ይወስዳሉ። ሻጩ በምስሉ ላይ ገዝፎ የታየውን ጥርስ አይቶ ሦስት ሩብ ኢንች ነት ያለው ቱቦ ይሰጣቸዋል። ነቱ ከቫልቩ ጥርስ በብዙ ስለሚሰፋ ምንም ሳይነክስ ያልፋል።

ሁለተኛው ፎቶግራፍ ማስመሪያው ከጥርሱ ወገብ እኩል ተይዞ ከግማሽ ሜትር ርቀት ይነሣል። የጥርሱ አንዱ ዳር 30 ሚሊ ሜትር ላይ፣ ሌላው 51 ላይ ይነበባል፤ ልዩነቱ 21 ነው። አምስቱ ክፍተት 9 ሚሊ ሜትር ሲሆን ጥርሱ ቀጥ ያለ፣ የቫልቩ አፍም ለጎሚኒ ማረፊያ የሚሆን ጠፍጣፋ ነው። ይህ ግማሽ ኢንች ነው። የቱቦው ሌላኛው ጫፍ ወደ ሚክሰሩ የሚገባ ቀጭን ወንዴ ሲሆን 10 ሚሊ ሜትር ይለካል፤ አምስቱ ክፍተት 5 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ በኢንች ሳይሆን በሜትሪክ የሚጠራ፣ «ኤም 10» የሚባለው ረቂቅ ጥርስ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «በአንድ በኩል ግማሽ ኢንች ሴቴ፣ በሌላው ኤም 10 ወንዴ የሆነ 40 ሴንቲ ሜትር ፍሌክሲብል» ነው። በሚክሰሩ ሥር ያሉት ሁለት ቱቦዎች ብረታቸው ጎን ለጎን እንዳይጋጭ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ሆነው ስለሚሠሩ፣ የተበላሸው የትኛው እንደሆነም ከአሮጌው ጋር ይነጻጸራል።

ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ

ፎቶግራፍ የማይፈታው አንድ ጉዳይ አለ። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ሚክሰር ወይም መዝጊያ የአሜሪካን የቧንቧ ጥርስ ሥርዓት ሊከተል ይችላል። የዚህ ሥርዓት የግማሽ ኢንች ጥርስም በአንድ ኢንች ርዝመት 14 ሲሆን የውጭ ዲያሜትሩ 21.3 ሚሊ ሜትር ነው። ከብሪታንያው የሚለየው በጥርሱ ማዕዘን ነው፤ የብሪታንያው 55 ዲግሪ፣ የአሜሪካው 60 ዲግሪ ነው። ይህን ልዩነት የስልክ ካሜራ በአስተማማኝ ሁኔታ አያሳይም። አደጋውም እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱ እርስ በርስ ይነክሳሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ውኃው ሲለቀቅ ግን በጥርሶቹ መካከል ይሾልካል። የበለጠ ማጥበቅ ነሐሱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

የአሜሪካ የሲንክ ቱቦ ነት ደግሞ ብዙውን ጊዜ «ሦስት ስምንተኛ» ቢባልም የሚገጥመው 14.3 ሚሊ ሜትር ለሆነና በአንድ ኢንች 24 ጊዜ ለሚደጋገም ረቂቅ ጥርስ ነው። እዚህ ሦስት ስምንተኛ የሚባለው 16.7 ሚሊ ሜትር በመሆኑ በስም ብቻ ይመሳሰላሉ። እንዲህ ያለ ዕቃ ከመተከሉ በፊት ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው የሚያሸጋግር አስማሚ ያስፈልጋል፤ ላኪው ከዕቃው ጋር አብሮ ቢልከው ይመረጣል።

በመደብር ውስጥ

ፎቶግራፉ ፍለጋውን ያጠብባል እንጂ ሙከራን አይተካም። በተቻለ መጠን የተበላሸው ዕቃ ራሱ ይያዛል፤ ከክፍያ በፊትም አዲሱ ዕቃ ከአሮጌው አቻ ጋር ያለ መፍቻ፣ በእጅ ብቻ ይሞከራል። ጥርሱ ቀጥ ያለ ከሆነ እስከ መጨረሻው በቀላሉ መዞር አለበት። የሚቀጥን ከሆነ ሦስት ወይም አራት ዙር በነፃነት ከሄደ በኋላ እየጠበቀ ይመጣል። በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ዙር ከያዘ ወይም እየተወዛወዘ ከገባ ዕቃው የተለየ ጥርስ ያለው በመሆኑ ይመለሳል።