የወንጀል ኃላፊነት ዕድሜ

የወንጀል ኃላፊነት ዕድሜ ማለት ሕፃን ስለ ሠራው ጥፋት በሕግ ሊጠየቅ የሚጀምርበት ወሰን ሲሆን፥ በኢትዮጵያ አስቀድሞ በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፥ ኋላም በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 52፥ 9 ዓመት ሆኖ ጸንቷል። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ወጣት ጥፋተኛ በአዋቂዎች ቅጣት ባይቀጣም፥ ዳኛው ከተግሣጽ አንሥቶ ወደ ጠባይ ማረሚያ ተቋም እስከ መላክ የሚደርስ እርምጃ ሊያዝበት ይችላል።

የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ በ2019 እ.ኤ.አ. ወሰኑ ቢያንስ 14 ዓመት እንዲሆን የመከረው፥ ብስለትና ነገርን በረቂቁ የማሰብ ችሎታ በ12 እና በ13 ዓመት ገና በማደግ ላይ መሆኑን የሕፃናት ዕድገትና የነርቭ ሳይንስ ጥናቶች ስላስረዱ ነው።

ወሰኑን ከፍ ለማድረግ ለአገራችን ግን ከዚህ የማያንስ ሌላ ምክንያት አለ፤ የልደት ማስረጃ የሌለው ሕፃን በገበያ ቦርሳ ሰርቆ ቢያዝ፥ ዕድሜው በጥርስና በእጅ አጥንት ራጅ ይገመታል፤ ግምቱም በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ሊስት ስለሚችል፥ ሕጉ ፈጽሞ የማይነካው የ8 ዓመት ሕፃን 10 ዓመት ሞልቶታል ተብሎ በችሎት ሊቆም ይችላል። ወሰኑ 14 ቢሆን ስሕተቱ ባይጠፋም፥ እንዲህ ያለ ሕፃን ላይ ከቶ አይደርስም።