አንድ ሲሪየስ ያፈረሰው ሕግ

ማለቂያ የሌላቸው ቁጥሮች በተራ ሲደመሩ (ሲሪየስ ሲባል) ድምሩ አንድ ቦታ ይቆማል ወይስ ያለ ወሰን ያድጋል? በዚህ ጥያቄ ላይ የተነሳ አንድ የታወቀ ክርክር እናንሳ።

እ.ኤ.አ. በ1827 ሉዊ ኦሊቪየ የተባለ የሒሳብ ሰው ለዚህ ጥያቄ ቀላል መለኪያ አለኝ ብሎ በጀርመን በሚታተመው የክሬለ መጽሔት ጻፈ። n-ኛውን ተርም በ n አባዙት፤ ውጤቱ ወደ ዜሮ ከሄደ ድምሩ ይቆማል ነው ያለው። በዓመቱ፣ በ1828፣ ኖርዌያዊው ኒልስ አቤል በዚያው መጽሔት መልስ ሰጠ። ያቀረበው ሲሪየስ ተርሙ 1/(n log n) የሆነውን ነው። ይህን በ n ብናባዛው 1/log n ይቀራል፤ እሱም ወደ ዜሮ ይሄዳል። ድምሩ ግን አይቆምም።

ለምን? አቤል በራሱ መንገድ አረጋግጦታል። እኛ ግን ኮሺ በ1821 በፓሪስ ባሳተመው የትምህርት መጽሐፉ ያስቀመጠውን መንገድ እንጠቀም። ተርሞቹ ፖዘቲቭ ሆነው እያነሱ የሚሄዱ ከሆነ፣ 2ኛውን፣ 4ኛውን፣ 8ኛውን፣ በጠቅላላው 2^k-ኛውን ተርም ብቻ ወስደን በ 2^k እናባዛለን። አዲሱ ድምር ከቆመ የመጀመሪያውም ይቆማል፤ ካልቆመም አይቆምም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከ4ኛው እስከ 7ኛው ያሉት ተርሞች አራት ናቸው። እያንዳንዳቸው ከ4ኛው አይበልጡም፣ ከ8ኛውም አያንሱም። ስለዚህ የአራቱ ድምር ከ4ኛው ተርም አራት እጥፍ አይበልጥም፣ ከ8ኛውም አራት እጥፍ አያንስም። የሚቀጥለው ምድብ ስምንት ተርም ይይዛል፤ ነገሩ እንዲሁ ይቀጥላል።

አሁን ተርሙ 1/(n (log n)^p) ይሁን፤ n ከ2 ይጀምራል። በ n ቦታ 2^k ስናስገባ log 2^k = k log 2 ነው። በ 2^k ስናባዛ ታች ያለው 2^k ይሰረዝና ይህ ይቀራል፦

1/(k log 2)^p

log 2 ቋሚ ቁጥር ስለሆነ የቀረን 1/k^p ብቻ ነው። ይሄ ደግሞ የሚቆመው p ከ1 ሲበልጥ ብቻ ነው። p = 1 ሲሆን 1 + 1/2 + 1/3 + … ይመጣል፤ እሱን በዚያው መንገድ እንደገና ብንጨምቀው 1 + 1 + 1 + … ይሆናል። እንግዲህ የአቤል ሲሪየስ ያለ ወሰን ያድጋል፣ p = 2 ያለው ግን ይቆማል።

ይህን በካልኩሌተር ማወቅ አይቻልም። በተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም የአቤልን ሲሪየስ እስከ አንድ ሚሊዮን ብንደምር 3.42 ገደማ ብቻ እናገኛለን። 5 ለመድረስ ከ10^29 በላይ ተርሞች ያስፈልጋሉ። የሚያየው ሰው የቆመ ይመስለዋል።

አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ተርሞቹ እያነሱ መሄድ አለባቸው። ለምሳሌ በ2፣ 4፣ 8፣ 16… ቦታ ዜሮ፣ በሌላው ቦታ ሁሉ 1 ብናደርግ፣ ፈተናው የሚያየው ዜሮዎቹን ብቻ ነው። ድምሩ ግን ያለ ወሰን ያድጋል። ስለዚህ 2^k ከማስገባታችሁ በፊት ተርሞቹ መቀነሳቸውን አረጋግጡ።