ሉዊጂ ፌሪኒ ጀርመንን ሲከስ

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን አንዲት የድሮ ተማሪዬ፣ አሁን ሕግ እያጠናች ያለች ልጅ፣ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። «ቲቸር፣ ጁስ ኮጀንስ የሚባል ነገር ተማርን። ከማንኛውም የአገሮች ውልና ልማድ በላይ ነው አሉን። በታሪክ እንደዚያ ሆኖ ያውቃል ወይስ ወረቀት ላይ ብቻ ነው?» አለችኝ። እኔ የታሪክ መምህር እንጂ የሕግ ሰው አይደለሁም። ጥያቄዋ ግን የታሪክ ጥያቄ ነው። መልሱን በአንድ ሰው ጉዳይ ልንገራችሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራው። አገሮች በአብዛኛው ነገር ላይ እንደፈለጉ መዋዋል ይችላሉ። ቀረጥ፣ ድንበር፣ ዓሣ ማስገር፣ የፈለጉትን። ተስማምተውም ቢሆን ሊሽሯቸው የማይችሉ ጥቂት ክልከላዎች ግን አሉ። የዘር ማጥፋት፣ ባርነት፣ ማሰቃየት፣ የወረራ ጦርነት። እነዚህን ነው ጁስ ኮጀንስ፣ ማለትም አስገዳጅ ሕግ የሚሏቸው። በ1969 በቪየና የጸደቀው የውሎች ስምምነት አንቀጽ 53 ላይ፣ ከእነዚህ ጋር የሚጋጭ ውል ገና ሲፈረም ጀምሮ ዋጋ የለውም ይላል። ቀድሞ የነበረ ውልም ቢሆን፣ እንዲህ ያለ አዲስ ክልከላ ሲመጣበት ያከትማል። ያ አንቀጽ 64 ነው።

በወረቀት ይህን ያህል ግልጽ ነው። በተግባርስ?

የውሉን ጎን ቶሎ ልለፈው። በ1948 ኑርምበርግ ላይ አንድ የአሜሪካ ወታደራዊ ፍርድ ቤት የክሩፕን ኩባንያ ሹማምንት ሲዳኝ፣ የፈረንሳይ የጦር ምርኮኞችን በጦር መሣሪያ ሥራ ላይ ማሰማራታቸው ተነሣ። ተከሳሾቹ «ከቪሺ መንግሥት ጋር ስምምነት ነበረን» አሉ። ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለ ስምምነት ስለመኖሩ የሚታመን ማስረጃ አላገኘም። ግን ቢኖርም እንኳ ከመልካም ሥነ ምግባር ውጪ ስለሆነ ፈራሽ ነው አለ። ይህ እንግዲህ ከቪየናው ስምምነት ሃያ ዓመት በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ የሄጉ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በአንቀጽ 53 መሠረት አንድም ውል አፍርሶ አያውቅም። ምክንያቱም ማንም መንግሥት «ባሪያ እንነግዳለን» ብሎ በአደባባይ አይፈርምም። ስለዚህ የውሉ ጎን ብዙም አይፈተንም። ዋናው ፈተና የመጣው ከልማዳዊ ሕግ ጋር ነው።

ሉዊጂ ፌሪኒ የቱስካና ሰው ነው። ጊዜው ነሐሴ 1944 ነው። ጀርመኖች ያዙት፣ ወደ ጀርመን ወሰዱት፣ እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ድረስ በጥይትና ፈንጂ ፋብሪካ ውስጥ በግድ አሠሩት። ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ መስከረም 1998 ላይ፣ አሬትሶ በሚገኘው የአገሩ ፍርድ ቤት የጀርመንን መንግሥት ካሳ ብሎ ከሰሰ።

እዚህ ላይ ነው ልማዳዊው ሕግ የሚገባው። አንድ መንግሥት በሌላ አገር ፍርድ ቤት በመንግሥትነት ለሠራው ነገር አይከሰስም። እኛ አገር የፓርላማ አባል ያለመከሰስ መብት አለው እንደምንለው፣ መንግሥታትም እርስ በርስ እንዲህ ያለ መብት አላቸው። ይህ በውል ሳይሆን በልማድ የጸና ሕግ ነው፣ ምክንያቱም እኩል የሆነ እኩያውን አይዳኝም ይላል። የአሬትሶው ፍርድ ቤት በዚሁ ምክንያት ክሱን አልቀበልም አለ። ፍሎረንስ ያለው ይግባኝ ሰሚ አጸናው።

ሰውየው ወደ ሰበር ሄደ። መጋቢት 2004 ላይ የጣልያን ሰበር ፍርድ ቤት ሁሉንም ገለበጠው። አመክንዮው ቀላል ነው። ሰውን አፍኖ በግድ ማሠራት ዓለም አቀፍ ወንጀል ነው፣ ይህን የሚከለክለው ደንብም ከፍተኛ ነው። ያለመከሰስ መብት ከእሱ በታች ያለ ደንብ ነው። ከፍተኛውና ዝቅተኛው ሲጋጩ ዝቅተኛው ይወድቃል። ስለዚህ ጀርመን ትከሰሳለች።

ተማሪዬ የተማረችው ጁስ ኮጀንስ ይሄ ነው። ክፍል ውስጥ ቢሆን ሁላችንም እናጨበጭባለን።

ከዚያ በኋላ ክሶቹ ተከታተሉ። የግሪክ ሰዎችም መጡ። በሰኔ 1944 ጀርመኖች ዲስቶሞ በምትባል መንደር ከ200 በላይ ሰላማዊ ሰው ገድለዋል። የሟቾቹ ቤተሰቦች በግሪክ ፍርድ ቤት ረትተው ነበር፣ ነገር ግን ፍርዱን ለማስፈጸም የፍትሕ ሚኒስትሩ ፈቃድ ያስፈልግ ነበርና ሚኒስትሩ አልፈቅድም አለ። ፍርዱን ይዘው ጣልያን ገቡ። ኮሞ ሐይቅ ዳር ቪላ ቪጎኒ በሚባለው የጀርመን መንግሥት ንብረት ላይም እስከማስያዝ ደረሱ።

ጀርመን በታኅሣሥ 2008 ጣልያንን ሄግ ከሰሰች። ልብ በሉ፣ ጀርመን «አላደረግሁም» አላለችም። ግፉን አምናለች። ያለችው «የምዳኘው እዚያ አይደለም» ነው።

ፍርዱ የካቲት 3 ቀን 2012 ተሰጠ። በ12 ለ3 ድምፅ ጀርመን ረታች። ከተቃወሙት ሦስቱ አንዱ ጎረቤታችን ነው፣ ሶማሊያዊው ዳኛ አብዱልቃዊ ዩሱፍ።

አሁን የፍርዱን ልብ በደንብ እንየው። የሄጉ ፍርድ ቤት «ጁስ ኮጀንስ የበላይ አይደለም» አላለም። ያለው «ግጭት የለም» ነው። አንዱ ሕግ «ይህን ድርጊት አትፈጽም» ይላል። ሌላው «ስለዚህ ድርጊት እዚህ ችሎት አትጠየቅም» ይላል። የመጀመሪያው መሠረታዊ ሕግ ነው፣ ሁለተኛው የሥነ ሥርዓት ሕግ። ያለመከሰስ መብትን ማክበር ድርጊቱን ሕጋዊ ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ ሁለቱ በተለያየ መንገድ ይሄዳሉ፣ አይጋጩም፤ ካልተጋጩ ደግሞ የበላይና የበታች ጥያቄ አይነሣም።

ይህን ነገር ያልወደዳችሁ ይኖራላችሁ። እኔም ስሰማው መጀመሪያ የጠበቃ ጨዋታ ነው ብዬ ነበር። ግን እስቲ ወደራሳችን ችሎት አምጡት። ሰው ገድሏል የተባለ ሰው ጉዳይ ሥልጣን በሌለው ፍርድ ቤት ቢቀርብ፣ ዳኛው «ወንጀሉ ከባድ ነው» ብሎ የሌለውን ሥልጣን አያገኝም። የወንጀሉ ክብደት ሌላ፣ የችሎቱ ሥልጣን ሌላ። ይሄ ራሱ የሄጉ ፍርድ ቤት በ2006 በኮንጎና በሩዋንዳ ጉዳይ ያለው ነው። የዘር ማጥፋት ክልከላ ጁስ ኮጀንስ መሆኑን ተቀብሎ፣ ሩዋንዳ ስላልፈቀደች ግን ሥልጣን የለኝም አለ።

ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? ሥልጣን ከሌለው ችሎት ስትመለስ ሥልጣን ያለው ሌላ ችሎት ይኖራል። ፌሪኒ ግን የት ይሂድ? የጀርመን ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያሉትን ክሶች አይቀበሉም ነበር። በ1961 ጀርመን ለጣልያን በሁለት ስምምነት 40፣ 40 ሚሊዮን ማርክ ከፍላለች፣ ብዙ ተጎጂ ግን ከዚያ ውጪ ቀርቷል። ከሁሉ የሚያናድደው የወታደሮቹ ነው። በ1943 ጣልያን ከጦርነቱ ስትወጣ ጀርመኖች 600 ሺህ ገደማ የጣልያን ወታደር ማርከው «እናንተ የጦር ምርኮኞች አይደላችሁም» ብለው በግድ አሠሯቸው። በ2000 ዓ.ም. ጀርመን የግዳጅ ሠራተኞች ካሳ ስትጀምር፣ ለእነዚህ ሰዎች የተሰጠው መልስ «እናንተ የጦር ምርኮኞች ስለነበራችሁ አይመለከታችሁም» የሚል ሆነ። የሄጉ ፍርድ ቤት ራሱ በዚህ ተገርሞ ማዘኑን ፍርዱ ውስጥ ጽፏል። ጽፎም ለጀርመን ፈረደ። ሁለቱ አገሮች ቢነጋገሩበት ጥሩ ነው ብሎ ተወው።

ታሪኩ ግን አላለቀም። የጣልያን ፓርላማ በ2013 ፍርዱን የሚያስከብር ሕግ አወጣ። በጥቅምት 2014 የጣልያን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት፣ በውሳኔ ቁጥር 238፣ ያንን ሕግ ሻረው። ሰዎች ይህን «ጁስ ኮጀንስ አሸነፈ» ብለው ይተርኩታል። አይደለም። ፍርድ ቤቱ «ሄግ ዓለም አቀፍ ሕጉን የተረጎመበትን አልከራከርም» ነው ያለው። ሆኖም በጣልያን ሕገ መንግሥት ማንም ሰው መብቱን በፍርድ ቤት የመጠየቅ መብት አለው፤ ይህን የሚዘጋ ልማዳዊ ሕግ በእኔ በር አይገባም አለ። ያሸነፈው የአገር ሕገ መንግሥት ነው፣ ጁስ ኮጀንስ አይደለም።

ክሶቹ እንደገና ጎረፉ። በ2022 ሮም የሚገኙ የጀርመን ንብረቶች፣ የጎተ ተቋምና የጀርመን ትምህርት ቤት ጭምር፣ በፍርድ ማስፈጸሚያ ሊሸጡ ተቃረቡ። ሚያዝያ 29 ጀርመን እንደገና ሄግ ከሰሰች። በማግሥቱ ጣልያን አዋጅ አወጣች፦ ንብረቶቹ አይነኩም፣ ተጎጂዎች ከሚቋቋም ፈንድ ይከፈላቸዋል። ፈንዱን የሚሞላው ማነው? የጣልያን መንግሥት። ጀርመኖች በበደሉት የጣልያን ግብር ከፋይ ይክፈል ማለት ነው! የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱም በ2023 ይህን አጸደቀው።

አስተያየት ላይ «እኛስ?» እንደምትሉ ስለማውቅ ቀድሜ ልመልስ። ያ ፈንድ የናዚ ጀርመን ኃይሎች ከመስከረም 1939 እስከ ግንቦት 1945 በጣልያን ምድር ወይም በጣልያን ዜጎች ላይ ለፈጸሙት ነው። የካቲት 12 ቀን አዲስ አበባ ላይ ጣልያን ራሷ የጨረሰቻቸው፣ በመርዝ ጋዝ ያለቁት፣ እዚያ ውስጥ የሉም። እኛ በ1947ቱ የፓሪስ የሰላም ውል 25 ሚሊዮን ዶላር ተወሰነልን፣ የቆቃ ግድብም የተሠራው ከጣልያን ካሳ ነው። ዛሬ አንድ የተጎጂ ልጅ አዲስ አበባ ላይ የጣልያንን መንግሥት ቢከስ፣ ጣልያን የምትመዘው የ2012ቱን ፍርድ ነው። በራሷ ላይ የተፈረደውን ማለቴ ነው።

እንግዲህ ለተማሪዬ የመለስኩላት ይህን ነው። ጁስ ኮጀንስ «አድርጉ» የሚለውን ውል ያፈርሳል፣ «አልጠየቅም» የሚለውን ግን እስካሁን አላፈረሰም። እኔ በበኩሌ የሄግ ዳኞች ባለው ሕግ ላይ ተሳስተዋል አልልም፤ የቆጠሩት መንግሥታት የሚያደርጉትን ነው፣ ከጣልያን በቀርም በሩን የከፈተ አገር አላገኙም ማለት ይቻላል። ግን ልማዳዊ ሕግ የሚቀየረው አንዱ ቀድሞ ሲጥሰውና ሌላው ሲከተለው ነው። የመጀመሪያውን ጣሽ ሁልጊዜ የምንቀጣ ከሆነ ሁለተኛው ከየት ይመጣል? እሷ ደግሞ «ቲቸር፣ እንደዚያ ከሆነ መጥፎውንም ጣሽ መፍቀድ አለብን» አለችኝ። ለዚህ ገና አልመለስኩላትም። ሕግ ያጠናችሁ ካላችሁ ከታች ጻፉልን፣ የተሳሳትኩትም ካለ አርሙኝ።